ተደጋግሞ የመጣ መልእክት ምን ይላል? እንዴት ይነበባል፣ እንዴትስ እንዳይደጋገም ይደረጋል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንጀራ እየጋገሩ የሚያቀርቡ አንዲት እናት አሉ እንበል። ረቡዕ አመሻሹ ላይ ሳሪስ ያለ ደንበኛቸው «እትዬ፣ ለቅዳሜ 40 እንጀራ ይጋግሩልኝ» የሚል አጭር መልእክት ላከ። እሳቸው ስልክ ላይ ግን ያው ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ገባ። ሊጡ ዛሬ ማታ ካልተቦካ ለቅዳሜ አይደርስም። የሚቦካው ለ40 ነው፣ ለ80 ነው፣ ወይስ ለ120?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገምታል። አንዱ «ኔትወርክ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው «ምን ያጣድፈዋል?» ብሎ ይቀየማል። መገመት አያስፈልግም፤ የሚበዛውን መልስ ስልኩ ራሱ ይዞታል። የት እንደሚታይ ለማወቅ ግን መልእክቱ ለምን እንደሚደጋገም አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል።

መልእክቱ ለምን ይደጋገማል?

አጭር መልእክት ከላኪው ስልክ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ቴሌው የመልእክት ማዕከል ይገባል፣ ከዚያ ማዕከሉ ለተቀባዩ ስልክ ያደርሳል። በሁለቱም ጉዞ ላይ የተቀበለው ወገን «ደርሶኛል» ብሎ ማረጋገጫ መመለስ አለበት። ማረጋገጫው ካልተመለሰ የላከው ወገን የሚያውቀው ዝምታን ብቻ ነው። መልእክቱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆን፣ ወይስ መልእክቱ ደርሶ ማረጋገጫው ጠፍቶ፣ ከዝምታው መለየት አይችልም። ስለዚህ ደግሞ ይልካል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን። እጅዎ ላይ ሁለት ቅጂ ካለ የመጀመሪያው ደርሷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የጠፋው ማረጋገጫው ነው።

የከተማው ዳርቻ ላይ ይህ የሚበዛው በምክንያት ነው። የኔትወርክ ማማ በብዙ ዋት ኃይል ያሰራጫል፤ የ4ጂ ስልክ ግን ሲበዛ 0.2 ዋት ገደማ ነው የሚያወጣው። ማማው ሩቅ ሲሆን፣ በመካከል ደግሞ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ሲደረደሩ፣ ስልኩ ማማውን ይሰማል፤ ማማው ግን ስልኩን አይሰማም። የኔትወርኩ ምልክት ሁለት ሦስት መስመር እያሳየ «አልተላከም» የሚለው ስልክ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። በዚህ ቦታ ላለ ተቀባይም መልእክቱ ይገባለታል፣ ስልኩ የሚመልሰው ማረጋገጫ ግን ማማው ጋ አይደርስም፤ ማዕከሉም ቆይቶ ያንኑ መልእክት እንደገና ይልካል። ላኪው አንዴ ብቻ ነክቶ እርስዎ ሁለት ጊዜ ሊደርስዎ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ ያለው ደንበኛው ጋ ሳሪስ ሳይሆን እርስዎ ጋ፣ ምናልባትም ማእድ ቤትዎ ውስጥ ነው።

የደረሰዎትን ለመለየት

መጀመሪያ የመልእክቱን ዝርዝር ይክፈቱ። በአንድሮይድ ስልክ Messages ላይ መልእክቱን ተጭነው ይያዙ፣ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይንኩና View details የሚለውን ይምረጡ። እንደ ስልኩ ዓይነት ስሙ ትንሽ ሊለያይ ይችላል። የሚፈልጉት ሁለት ሰዓት ነው፦ Sent እና Received። Received መልእክቱ እርስዎ ስልክ ላይ የገባበት ነው። Sent ደግሞ የመልእክት ማዕከሉ ከላኪው በተቀበለ ጊዜ የመታበት ሰዓት ነው፤ ማዕከሉ ያንኑ መልእክት አሥር ጊዜ ቢደግመው እንኳን ይህ ሰዓት አይለወጥም።

ቀጥሎ ቅጂዎቹን ያነጻጽሩ። የእንጀራ ጋጋሪዋ ስልክ ይህን አሳየ እንበል። አንደኛው ቅጂ 11:40 ተልኮ 11:41 ገብቷል። ሁለተኛው እሱም 11:40 ተልኮ የገባው ግን 11:52 ነው። ሦስተኛው 11:46 ተልኮ 11:53 ገብቷል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተላኩበት ሰዓት አንድ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው አንዴ ነው የላከው፣ ማዕከሉ ነው የደገመው። ሦስተኛው የራሱ የመላኪያ ሰዓት ስላለው ከደንበኛው ስልክ ለሁለተኛ ጊዜ ወጥቷል። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቃል በቃል ያው ጽሑፍ መሆኑ ስልኩ «አልተላከም» ብሎት እንደገና የነካው ያስመስላል፤ ግን ሌላ 40 ጨምሮ እየጠየቀም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ 120 ሊሆን አይችልም። የቀረው 40 ወይም 80 ነው፣ እሱን የሚወስነው ደግሞ አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው፦ «በጠቅላላው 40 ነው ልጄ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱን በጽሑፍ ከጠበቁ እሱም በዚያው ደካማ መንገድ ነው የሚመጣው።

ይህ ዘዴ ገደብ አለው። ብዙ ስልኮች ሰከንዱን አያሳዩም፣ ስለዚህ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ የተነካ መልእክት ማዕከሉ ከደገመው አይለይም። የመላኪያውን ሰዓት ጭራሽ የማያሳዩ ስልኮችም አሉ። እንዲህ ሲሆን በቀጥታ ወደ ጥሪው ይሂዱ።

በቴሌግራም ነገሩ ሌላ ነው። መተግበሪያው ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱን መለያ ቁጥር ስለሚሰጥ ኔትወርክ ተቋርጦ ራሱ ቢደግመውም ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ቁጥሩን አይቶ ትርፉን ይጥለዋል። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ሁለት ቅጂ ካዩ አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ሁለቴ ልኮታል።

የገንዘብ መልእክት ሲደጋገም

እዚህ ላይ ሰዓቱን ትተው የግብይት ቁጥሩን ይመልከቱ። ደንበኛው ለ40 እንጀራ 1000 ብር ቀብድ ላከ፣ «1000 ብር ተቀብለዋል» የሚል መልእክትም ሁለት ጊዜ ገባ እንበል። ከመልእክቱ ውስጥ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ የሆነውን የግብይት ቁጥር ፈልገው ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብቡ። ቁጥሩ ፊደል በፊደል አንድ ከሆነ የተደጋገመው መልእክቱ ብቻ ነው፤ ሒሳብዎ ውስጥ የገባው 1000 ብር ነው። ቁጥሩ ከተለያየ ግን ገንዘቡ ራሱ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሷል። ቀሪ ሒሳቡም ይመሰክራል፦ በሁለቱም መልእክት ላይ ያለው ቀሪ እኩል ከሆነ ዝውውሩ አንድ ነው፣ በ1000 ከተለያየ ሁለት ነው።

ከዚያ ግን መልእክቱን ዘግተው ሒሳቡን ራሱን ይዩ። ቴሌብር ከሆነ `*127#` ደውለው ቀሪ ሒሳብ ማየት ይቻላል፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ይህን የምጠይቀው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። «ኔትወርክ አስቸግሮኝ ሁለቴ ላክሁ፣ አንዱን መልሱልኝ» የሚል ጥሪ የታወቀ የማጭበርበሪያ መንገድ ነው። አጭበርባሪው የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ከተራ የስልክ ቁጥር ይልካል፣ ከዚያ እያጣደፈ ይደውላል። መልእክት ማንም መጻፍ ይችላል፤ ቀሪ ሒሳብዎን ግን ሊጽፍ አይችልም። ገንዘቡ በእርግጥ ሁለት ጊዜ ገብቶ ከሆነ፣ መልሰው የሚልኩት ገንዘቡ ለመጣበት ቁጥር ብቻ ይሁን።

ላኪው እርስዎ ከሆኑ

አዝራሩ ሲዘገይ ደጋግሞ መጫን ነው ትልቁ ጥፋት። የተጨናነቀ ስልክ ንክኪዎን ያጠራቅመዋል እንጂ ብዙ ጊዜ አይጥለውም፤ ሲነቃ ሁሉንም ሊፈጽመው ይችላል። አንዴ ይንኩና እጅዎን ያንሱ። «አልተላከም» ካለዎት ወደ መስኮት ወይም ወደ ደረጃው ወጣ ብለው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ እንደገና ከመላክዎ በፊትም ደውለው «ደርሶሃል?» ይበሉ። በMessages ቅንብር ውስጥ Advanced ስር Get SMS delivery reports የሚለውን ቢያበሩ መልእክቱ ተቀባዩ ስልክ ላይ መግባቱ ይነገርዎታል።

ገንዘብ እየላኩ ከሆነ ወሳኙ ኔትወርኩ የተቋረጠው የሚስጥር ቁጥርዎን ከማስገባትዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው። ከማስገባትዎ በፊት ከተቋረጠ ምንም አልሄደም፣ እንደ አዲስ ይጀምሩ። ቁጥሩን አስገብተው ካረጋገጡ በኋላ ከተቋረጠ ግን ገንዘቡ ሄዷል ብለው ያስቡ፤ ቀሪ ሒሳብዎን አይተው አለመቀነሱን ሳያረጋግጡ አይድገሙት።

መልእክቱን ማሳጠርም ይረዳል፣ በተለይ በአማርኛ ለምንጽፍ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ። ከዚያ ሲያልፍ 67፣ 67 እየሆነ ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭም የየራሱን ማረጋገጫ ይጠብቃል። 200 ፊደል የሆነ ሰላምታና ትእዛዝ ሦስት ቁራጭ ነው፤ የአንዱ ማረጋገጫ ሲጠፋ ስልኩ ሙሉውን «አልተላከም» ሊለው ይችላል፣ እርስዎም ሙሉውን ደግመው ይልካሉ። ሰላምታው ለጥሪው ይቆይና ትእዛዙን በ70 ፊደል ውስጥ ይጨርሱት።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን አጻጻፉ ነው፤ መልእክት ቢደጋገም እንኳን ጉዳት በማያመጣ መንገድ መጻፍ ይቻላል። «40 ይጨምሩልኝ» የሚለው በተደጋገመ ቁጥር ትርጉሙ ያድጋል፤ ሁለቴ ቢደርስ 80 ይሆናል። «ለቅዳሜ በጠቅላላው 40 እንጀራ» የሚለው ግን አምስት ጊዜ ቢደርስም ያው 40 ነው። ትእዛዙን መቀየር ካስፈለገም «20 ይቀንሱ» ከማለት «የቅዳሜው በጠቅላላው 20 ይሁን፣ የፊቱን ይተውት» ይበሉ። መደበኛ ደንበኛ ከሆኑ «ትእዛዝ 7» ብለው ቁጥር ይስጡት፤ ትእዛዝ 7 ሁለት ጊዜ ከመጣ ተቀባይዋ ሳይደውሉ፣ ሰዓት ሳያዩ ያውቁታል። ከመጀመሪያው ትእዛዝ በኋላ አዲስ ሲያክሉ ደግሞ ቁጥሩን ወደ 8 ያሳድጉት፣ ያኔ እውነተኛው ጭማሪ ከተደጋገመው ጋር አይምታታም።