ለተጎዳ ማሽን የጉዳት ገማቹ ዝቅተኛ ዋጋ ሲሰጥ እንዴት በማስረጃ መሞገት ይቻላል

ማሽናችሁ ተቃጠለ እንበል፣ ኢንሹራንሱ የላከው የጉዳት ገማች (ሎስ አድጀስተር) አይቶ ሄደ፣ ከዛ ሪፖርቱ ሲመጣ የተሰጠው ዋጋ አዲስ ማሽን ይቅርና ያገለገለ እንኳን አይገዛም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያደርገው «ካሳው በጣም አንሷል፣ ይታይልኝ» ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ነው፣ እሱ ግን ምንም አያመጣም። ገማቹ የጻፈው ቁጥር የተሰራው በዋናነት ከሁለት ነገር ነው፣ አንዱ የተነሳበት ዋጋ ሁለተኛው የቀነሰው የእርጅና ፐርሰንት። መሞገት ያለባችሁ እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስሌቱን በጽሁፍ ጠይቁ። ከየትኛው ዋጋ ነው የተነሳው፣ የየትኛው ዓመት ዋጋ ነው፣ ማሽኑ ስንት ዓመት ያገለግላል ብሎ ነው የገመተው፣ ከጉዳቱ ለተረፈው የማሽኑ ቅሪት ስንት ቀነሰ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ «ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ፣ ከፈረማችሁ በኋላ መከራከር በጣም ከባድ ነው። ገንዘቡ ከቸገራችሁ ያልተከራከራችሁበት ክፍል በቅድሚያ እንዲከፈላችሁ ጠይቁና ቀሪውን የመጠየቅ መብታችሁ እንደተጠበቀ ሆኖ የምትቀበሉ መሆኑን በጽሁፍ አስፍሩ።

ስሌቱን እየጠበቃችሁ ፖሊሲውን አንብቡ። ፖሊሲው በአሮጌው ምትክ አዲስ የሚተካ ከሆነ፣ ማሽኑን በእርግጥ እስከተካችሁ ድረስ የእርጅና ቅናሽ ጨርሶ መደረግ የለበትም። የማሽን ብልሽት ፖሊሲ ከሆነ ደግሞ በተለመደው ውል ማሽኑ የሚጠገን ሲሆን ለሚቀየሩት ዕቃዎች እርጅና አይቀነስም፣ የሚቀነሰው ሙሉ በሙሉ ሲወድም ነው። ከታች የማወራው ከጉዳቱ በፊት የነበረውን ዋጋ ብቻ ስለሚከፍለው ፖሊሲ ነው፣ ጭቅጭቁ የሚበዛውም እሱ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እሳት የበላው የማሸጊያ ማሽን አለ፣ ከ8 ዓመት በፊት በ400,000 የተገዛ። ገማቹ 400,000ውን ያዘ፣ ዕድሜው 10 ዓመት ነው አለ፣ 80 ፐርሰንት ቀንሶ 80,000 አስቀረ፣ ከዛ ላይ ለቅሪቱ 30,000 አንስቶ 50,000 ይከፈል ብሎ ጻፈ።

የመጀመሪያው ስህተት መነሻው ነው። ከ8 ዓመት በፊት የተከፈለ ዋጋ ዛሬ ማሽኑን ለመተካት የሚያስፈልገውን አይነግርም። ያ የሂሳብ መዝገብ አሰራር ነው፣ መዝገብ ላይ ዜሮ የገባ ማሽን እኮ በየቀኑ ምርት እያመረተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአምራቹ ወይ ከወኪሉ የዛሬ ቀን ያለው ፕሮፎርማ አምጡ፣ ከተቻለ ከሌላ ሻጭም አንድ ጨምሩ። ፕሮፎርማው ላይ የማሽኑ ዋጋ ብቻ ከሆነ ግን ግማሽ ስራ ነው የሰራችሁት፣ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ ተከላውና የሙከራ ስራው ሁሉ ማሽኑን ወደነበረበት የሚመልስ ወጪ ስለሆነ በየራሱ ሰነድ ይግባ። መልሳችሁ የምታገኙት ታክስ ካለ አትጨምሩት፣ አንዱን ቁጥር ሲጥሉባችሁ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራሉ።

ብዙ ጊዜ የድሮው ሞዴል አይመረትም፣ አዲሱ ደግሞ የተሻለ ነው፣ ገማቹም «ይሄማ ማሻሻያ ነው» ይላል፣ እውነቱንም ነው። መፍትሄው ቀድሞ መቀነስ ነው። በኛ ምሳሌ አዲሱ ሞዴል ተተክሎ 1,000,000 ነው፣ ግን አሮጌው ያልነበረው አውቶማቲክ መመገቢያ አለው። ሻጩ የመመገቢያው ዋጋ ለብቻው 100,000 መሆኑን በደብዳቤ ይጻፍ፣ ከዛ መነሻችን 900,000 ይሆናል።

ሁለተኛው እርጅናው ነው። በዓመት ቆጥሮ እኩል እኩል መቀነስ ለገማቹ ቀላል ነው፣ ማሽን የሚያረጀው ግን በዋናነት በሰራው ልክና በተያዘበት አያያዝ ነው። የሰዓት ቆጣሪው 24,000 ሰዓት ያሳያል፣ አምራቹ ደግሞ በአግባቡ ሰርቪስ ከተደረገ 60,000 ሰዓት ይሰራል ብሎ በጽሁፍ ሰጥቷል፣ ስለዚህ ያለቀው 40 ፐርሰንት ነው። በዛ ላይ ሞተሮቹና የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያው ከ2 ዓመት በፊት ተቀይረዋል፣ ኢንቮይሱ አለ። ከ900,000ው ውስጥ የነሱ ድርሻ 300,000 ቢሆንና 10 ዓመት ቢያገለግሉ የሚቀነስባቸው 20 ፐርሰንት ብቻ ነው፣ 240,000 ይቀራል። የተቀረው 600,000 ላይ 40 ፐርሰንት ሲቀነስ 360,000። ድምሩ 600,000፣ ቅሪቱ ሲነሳ 570,000። የቅሪቱን 30,000 ራሱ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት፣ ማን ነው በዛ ዋጋ የሚገዛው ብላችሁ የገዢ ዋጋ እንዲያመጣ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ማሽኑ በሶስት ፈረቃ ሲሰራ የኖረ ከሆነ የሰዓት ስሌቱ ከዓመቱ ይብስባችኋል፣ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ሁለቱንም ስሩት። የሰርቪስ መዝገብ ከሌለም «በደንብ ተይዟል» የሚለው ቃል ባዶ ነው፣ እንደዛ ከሆነ የዕቃ መለዋወጫ ኢንቮይሶችን፣ የምርት መዝገብንና ከጉዳቱ በፊት የተነሱ ፎቶዎችን ሰብስቡ።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ። ፖሊሲው ላይ የተጻፈው የሽፋን መጠን ከምታረጋግጡት ዋጋ ካነሰ ካሳው በዛው ልክ ይቀነሳል፣ ብዙ ፖሊሲ እንዲህ ያለ አንቀጽ አለው። ሽፋኑ 500,000 ከሆነና እኛ 600,000 ካስረዳን፣ ከ570,000ው የሚከፈለው 475,000 ነው። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ስለወደመ ከ50,000ው ጋር ሲተያይ አሁንም ትልቅ ለውጥ ነው። ማሽኑ የሚጠገን ቢሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ጥገናው 120,000 ቢሆንና ዋጋው 500,000 ነው ከተባለ ሙሉውን ታገኛላችሁ፣ 600,000 ነው ከተባለ ደግሞ 100,000 ብቻ። ስለዚህ ጥገና ላይ ትግሉ መሆን ያለበት በጥገናው ወጪ ላይ እንጂ ማሽኑ ውድ ነው በማለት አይደለም። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፣ ገማቹ ዋጋው 80,000 ስለሆነ 120,000 አውጥቶ መጠገን አያዋጣም፣ ወድሟል ብሎ ከዘጋው ዋጋው ከጥገናው በላይ መሆኑን ማስረዳት የግድ ነው።

ይሄ ሁሉ ሲያልቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። በአንድ ረድፍ የገማቹን ቁጥር፣ በሌላው የናንተን፣ አጠገቡ የማስረጃውን ቁጥር አድርጉ፣ ለገማቹ ላኩና ግልባጩን ለኢንሹራንሱ፣ ምክንያቱም ገማቹ ሀሳብ ነው የሚያቀርበው፣ የሚወስነው ኢንሹራንሱ ነው። እንቢ ካሉ ገለልተኛ መሃንዲስ አስገምቱ፣ ፖሊሲው ላይም የካሳ መጠን ክርክር በግልግል ዳኝነት እንዲታይ የሚል አንቀጽ ካለ የጊዜ ገደቡን አይታችሁ ተጠቀሙበት። እስከዛው የተቃጠለውን ማሽን አትሽጡ፣ አታፍርሱም፣ መሃንዲሱ የሰዓት ቆጣሪውንና የተቀየሩትን ክፍሎች በአይኑ ማየት አለበት።