አንድ ዕቃ፣ አንድ ስም፦ መመሪያችሁ አንባቢን ሲያሳስት

ምልክቱ። ገዢው መመሪያውን አንብቦ፣ የተባለውን አድርጎ፣ ዕቃው ይበላሽበታል። ወይም ደውሎ «ይሄ የምትሉት የቱን ነው?» ይላል።

አንድ አስመጪ ያስጻፈውን የመስኖ ፓምፕ መመሪያ እንዳርም ተሰጥቶኝ ያውቃል። ዕቃው ሁለት አካል አለው፤ ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተርና ውሃ የሚስብ ፓምፕ። እንዲህ ያለው ፓምፕ ከመነሳቱ በፊት ከላይ ባለው ቀዳዳ ውሃ ይሞላል። ካልተሞላ አየር ይዞ ይሽከረከራል እንጂ ውሃ አይስብም። በሞተሩና በፓምፑ መካከል ያለውን፣ «ሲል» የሚባለውን ውሃ ከልካይ ማሸጊያ የሚያቀዘቅዘውም ያው ውሃ ነው። በደረቁ ከሠራ ሲሉ ግሎ ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ በሁለቱ መጋጠሚያ ውሃ ይንጠባጠባል።

መመሪያው ይህን ሦስት ጊዜ ያስጠነቅቃል፦

ገጽ 4፦ «ፓምፑን ውሃ ይሙሉ።»
ገጽ 7፦ «ማሽኑን ሳይሞሉ አያስነሱ።»
ገጽ 9፦ «መሳቢያው ባዶ ሆኖ ሞተሩ እንዳይሠራ።»

አንድ ገበሬ ማሳው ላይ ቆሞ ገጽ 7ን ገለጠ። «ማሽኑን ሙላ» ተብሏልና ቤንዚኑን አፉ ድረስ ሞልቶ አስነሳ። ትእዛዙን አክብሯል፤ ሲሉ ግን ተቃጠለ።

መንስኤው። ጸሐፊው ሰነፍ አልነበረም። ትምህርት ቤት ድርሰት ስንጽፍ «ቃል አትደጋግሙ» ተብለን ነው ያደግነው። ለድርሰት ጥሩ ምክር ነው። መመሪያ የያዘ ሰው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አያነብም። የተቸገረበትን ገጽ ብቻ ይገልጣል፣ ዓይኑን ወደ ዕቃው ይመልሳል፣ ስሙን ከአካሉ ጋር ያዛምዳል። አዲስ ስም ሲያይ አዲስ አካል ይፈልጋል። «ማሽን» እና «ፓምፕ» አንድ መሆናቸውን ሊያውቅ የሚችለው ዕቃውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ መመሪያ አያስፈልገውም።

የአውሮፕላን ጥገና ሰነድ የሚጽፉ ሰዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለዚህ ደንብ አላቸው። በእንግሊዝኛ «መጀመር» የሚሉ ብዙ ቃላት ቢኖሩም አንዱን ብቻ መርጠው ሌሎቹን ከልክለዋል።

መፍትሄው። መጀመሪያ ስም ምረጡ። የምትመርጡት የሚያምረውን ሳይሆን ሰው መለዋወጫ ሲገዛ ሱቅ ውስጥ የሚጠራውን ነው። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፦ ብዙ ሰው ሙሉውን ዕቃ «የውሃ ሞተር» ይለዋል። ያንን አትዋጉት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሥዕል አስገቡና «የውሃ ሞተር የሚባለው ይህ ሙሉ ዕቃ ነው። በዚህ መመሪያ ሞተር የምንለው ይህን፣ ፓምፕ የምንለው ይህን ነው» በሉ። ተመሳሳይ ቃላት የሚፈቀዱት እዚያና መጨረሻ ባለው ማውጫ ላይ ብቻ ነው፤ «መሳቢያ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ፓምፕ የሚለውን ይመልከቱ» የሚል ያግኝ።

ቀጥሎ የቀሩትን ስሞች ከመመሪያው ውስጥ ፈልጋችሁ አውጡ። አማርኛ ላይ ይሄ ተንኮል አለው። «ፓምፕ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ፓምፑን» አይመጣም፤ የመጨረሻው ፊደል ተቀይሯልና። ስለዚህ መመሪያውን ጽሑፍ ብቻ ባለው ፋይል አስቀምጡና በተርሚናል የማይለወጠውን ክፍል ብቻ ፈልጉ፦

```
grep -nE "ፓም|ሞተ|ማሽ|መሳቢያ" manual.txt
```

የማይመለከታችሁ መስመርም ይመጣል፤ በዓይን ለዩት። ሁሉንም በአንዴ አትተኩ። «ማሽን» አንድ ቦታ ፓምፑን፣ ሌላ ቦታ ሙሉውን ዕቃ ሊል ስለሚችል እያንዳንዱን መስመር አንብባችሁ ወስኑ።

የተገላቢጦሹ ችግር። አንድ ቃል ለሁለት ነገር። «ቁልፍ» እዚሁ መመሪያ ላይ ሞተር ማጥፊያውም ነበር፣ ብሎን መፍቻውም ነበር። «ቁልፉን ያዙሩ» ሲባል የቱን? አንዱን «ማጥፊያ»፣ ሌላውን «መፍቻ» አልኩትና አለቀ።

መስተካከሉን በምን ታውቃላችሁ? ዕቃውን የማያውቅ ሰው ዕቃው ፊት አቁሙ። ትእዛዞቹን ከመሃል እየመረጣችሁ፣ ቅደም ተከተላቸውን ሳትጠብቁ አንብቡለት። እሱ የተጠራውን አካል በጣቱ ይንካ። እኔ ይህን ያደረግሁት ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጋር ነው። ገጽ 7ን በድሮው አጻጻፍ ሳነብለት እጁ ወደ ቤንዚን ክዳኑ ሄደ። «ፓምፑን ውሃ ሳይሞሉ ሞተሩን አያስነሱ» ብዬ ሳነብለት ቀጥታ የፓምፑን ክዳን ያዘና «ምን ያህል ውሃ?» አለኝ። መመሪያው ያንን አልጻፈም ነበር። «ውሃው በአፉ እስኪፈስ ድረስ» ብዬ ጨመርኩበት።