በ19 ሕፃናት ናሙና የክትባት ሽፋን ሲፈተሽ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ለምሳሌ ያህል በደቡብ ወሎ በአምስት የክትትል ቀጠናዎች የተከፈለ አንድ ወረዳ እንውሰድ። ከየቀጠናው ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ያላቸው 19 ሕፃናት በዕጣ ይመረጡና የኩፍኝ ክትባት መውሰዳቸው ይጣራል። ግቡ 80 በመቶ ሲሆን የመወሰኛው ቁጥር 13 ነው፤ 13ና ከዚያ በላይ ሕፃናት ተከትበው ከተገኙ ቀጠናው ያልፋል፣ ካነሱ ይወድቃል።

ምልክት፦ ሪፖርቱ «ባለፈው ዙር 63 በመቶ የነበረው ቀጠና ወደ 74 በመቶ አደገ» ይላል።

መንስኤ፦ የተለወጠው ከ12 ወደ 14 ከፍ ያለው የሕፃናት ቁጥር ብቻ ነው። ከ19 ሕፃናት 12ቱ ተከትበው ሲገኙ እውነተኛው ሽፋን ከ40 በመቶ ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ 80 በመቶ ገደማ የትም ሊሆን ስለሚችል፣ ልዩነቱ ከዕጣ አጋጣሚ አይለይም። ዘዴው 80 በመቶ የደረሰውን ቀጠና 50 በመቶና ከዚያ በታች ካለው ይለያል፤ በሁለቱም በኩል የመሳሳት ዕድሉ ከ10 በመቶ ያነሰ ነው። እውነተኛ ሽፋኑ 65 በመቶ የሆነ ቀጠና ግን የማለፉና የመውደቁ ዕድል እኩል ለእኩል ሊባል ይቀርባል።

መፍትሔ፦ ለቀጠና «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ይጻፍ። መቶኛ የሚሰላው የአምስቱ ቀጠናዎች 95 ሕፃናት ሲደመሩ ነው፤ ያም ቢሆን በሕዝብ ብዛት ተመዝኖ። ውጤቱ 16፣ 14፣ 12፣ 15 እና 16 ቢሆን ተራ ድምሩ 77 በመቶ ይሰጣል፤ የወደቀው ቀጠና የወረዳውን ሕዝብ 40 በመቶ፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ቢይዙ ግን 73 በመቶ ይሆናል።

ምልክት፦ አምስቱም ቀጠናዎች አልፈዋል፤ የጤና ኬላው መዝገብ ግን ክትባት ያቋረጡ ብዙ ሕፃናትን ያሳያል።

መንስኤ፦ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የቤት አመራረጡ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ከመኪና መንገዱ ሳይርቅ 19ኙን ይሞላና ከገደሉ ማዶ ያለው ጎጥ ይቀራል፤ ሰኞ ከሆነ ደግሞ በባቲ አካባቢ እናቶች ገበያ ስለሚውሉ ዝግ ቤት ሁሉ በጎረቤት ይተካል። የጎጦቹ ስም በቅጹ ላይ ሲደጋገም፣ «ቤቱ ዝግ ነበር» የሚል ማስታወሻም ፈጽሞ ሲጠፋ ሊጠረጠር ይገባል።

መፍትሔ፦ የጎጦቹ የሕዝብ ቁጥር በተራ እየተደመረ ይዘርዘር፤ ጠቅላላው ለ19 ተካፍሎ በሚገኘው ርቀት፣ መነሻው በዕጣ ወጥቶ፣ ቃለ መጠይቅ የሚደረግባቸው ጎጦች ይለዩ። በየጎጡ የመጀመሪያው ቤት በዕጣ ይውጣ፤ በዚያ ቤት በዕድሜው ክልል ያለ ሕፃን ከሌለ በሩ ቅርብ ወደሆነው ቤት ይታለፍ። እናት ገበያ ከሄደች ግን ማምሻውን መመለስ ይሻላል፤ አድካሚ ቢሆንም ገበያ የምትውል እናት ከቤት ከምትውለው ልትለይ ትችላለችና።

ምልክት፦ ካርድ የሌላቸው ስለተሰረዙ የቀሩት 11 ሕፃናት ብቻ ናቸው፤ መወሰኛው ግን አሁንም 13 ነው።

መፍትሔ፦ የእናት ቃል ይቆጠር እንደሆነ ከመውጣት በፊት ይወሰን። ካርድ የሌለው ሕፃን አይሰረዝም፤ «ተከትቧል» ወይም «አልተከተበም» ተብሎ ከ19ኙ ጋር ይቆጠራል።