የኪራይ ጭማሪውን ያስቀረችው አንድ ገጽ ደብዳቤ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የተከራየሁት ከመስከረም 1 ቀን 2017 ጀምሮ ለሁለት ዓመት፣ በወር 9,000 ብር ነው። ጥር መጨረሻ ላይ አከራዬ ደውለው «ከየካቲት ጀምሮ 13,000 ነው፤ ካልተስማማህ ልቀቅ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ረቂቄ ሦስት ገጽ ሙሉ ምሬት ነበር፤ ቀደድኩት። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦

«ለእትዬ፣ በስልክ የነገሩኝን ጭማሪ በተመለከተ። የውላችን አንቀጽ 3 ኪራዩ በውሉ ዘመን እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ውሉ የሚያበቃው ጳጉሜን 2018 ነው። ስለዚህ ጭማሪውን አልተቀበልኩም፤ 9,000 ብሩን እንደወትሮው በየወሩ መጀመሪያ እከፍላለሁ። ሐሳብዎን በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 መሠረት በአግባቡ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ንም ጠቀስኩ፤ እሱም ጭማሪን ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው ተመን ጋር ያስራል። ከዚህ በላይ የሕግ ጥቅስ ቢበዛ ማስፈራሪያ ይመስል ነበር።

ሁለት ቅጂ አትሜ የውሉን ፎቶ ኮፒ አያያዝኩ። እትዬ «ፊርማ ምን ያደርጋል?» ብለው አመነቱ፤ በመጨረሻ ግን በእኔ ቅጂ ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው ከነቀኑ ፈረሙ። በዚያው ዕለት 9,000 ብሩን በባንክ አስገባሁ፤ ምክንያቱ ላይ «የየካቲት 2017 የቤት ኪራይ» ብዬ ጻፍኩ። ኪራይ ብይዝ ኖሮ ውል አፍራሹ እኔ እሆን ነበር፤ 13,000ውን አንዴ ብከፍል ደግሞ ተስማምተሃል የሚያሰኝ ማስረጃ በእጃቸው ይገባ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ደወሉ። ወንድማቸው አንቀጽ 3ን አንብቦላቸዋል። «እስከ ጳጉሜን 2018 በዚያው ይሁን» አሉ። ያንኑ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው፤ ላኩ።