የተማሪዎች ምክር ቤት በጀቱን ያለ ክርክር እንዳያጸድቅ ያደረግሁት ማስተካከያ

በ11ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት ፓርላማን አስመስለን ባዘጋጀነው የተማሪዎች ምክር ቤት ገዢው ፓርቲ ከ60 መቀመጫ 40ውን ይዞ ስለነበር፣ የበጀት ረቂቅ አዋጁ ያለ ክርክር ይጸድቅ፣ ተቃዋሚዎችም «ለሁሉም ይጨመር» ከማለት አያልፉም ነበር።

መቀመጫውን 27፣ 21 እና 12 አድርጌ ስደለድል ማንም ብቻውን 31 ድምፅ ስለማያገኝ ድርድር ግድ ሆነ። ዋናውን ለውጥ ያመጣው ግን ማንኛውም የማሻሻያ ሐሳብ የሚጨምረውን ገንዘብ ከየትኛው የወጪ ርዕስ እንደሚቀንስ በጽሑፍ እንዲገልጽና የ100 ሚሊዮን ብሩ ጠቅላላ ድምር እንዳይዛነፍ የሚያዝዘው ደንብ ይመስለኛል። ትንሹ ፓርቲ ለጤና 4 ሚሊዮን ብር እንዲጨመር ሲጠይቅ ከመንገድ ሥራ ለመቀነስ ተገደደ፤ የገዢው ፓርቲ የገጠር ተወካዮች ሲቃወሙም ቋሚ ኮሚቴው ከመንገዱ 2፣ ከመጠባበቂያው 2 ሚሊዮን እንዲነሣ አስማማቸውና ረቂቁ በ39 ድምፅ ጸደቀ። ኮሚቴው ለዚህ ሙሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስፈልገዋል።