ሥጋና ሩዝ የሚበላው ውሻ ደረጃ ሲፈራ

ምልክቱ። ጎልማሳ ውሻ ለወራት በቤት የተቀቀለ ቀይ ሥጋና ሩዝ ሲበላ ቆይቷል። ክብደቱ ደህና ነው፣ ፀጉሩም ያብረቀርቃል። አሁን ግን ደረጃ ለመውጣት ያመነታል፣ ከተኛበት ሲነሳ ያነክሳል፣ ጠንካራ ነገር ማኘክ ትቷል። ባለቤቱ «አርጅቶ ነው» ይላል። ጥርሱ መነቃነቅ ከጀመረ ወይም በትንሽ ዝላይ አጥንቱ ከተሰበረ ችግሩ ሥር ሰዷል ማለት ነው።

ምክንያቱ። ፕሮቲን አልጎደለውም። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 1000 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል፤ በዚያ ውስጥ ዝቅተኛው የፕሮቲን መጠን 45 ግራም ሲሆን፣ 400 ግራም ቀይ ሥጋ ብቻውን 80 ግራም ያህል ይሰጠዋል። የጎደለው ካልሲየም ነው። በ100 ግራም ሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ 200 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ካልሲየሙ 10 ያህል ብቻ ነው። ውሻ ግን ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ማነስ የለበትም፤ እስከ እጥፍ ቢሆንም ይስማማዋል። ሰውነቱ ጉድለቱን ከአጥንት እየቀዳ ይሞላል። ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፦ ደሙ ሲመረመር ካልሲየሙ ልክ ሆኖ ይገኛል። እኔ ከላብራቶሪው ወረቀት በፊት ውሻው የሚበላውን ነው የምጠይቀው።

መፍትሄው። ለዚሁ ውሻ በቀን 1.25 ግራም ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ሥጋውና ሩዙ የሚሰጡት 0.1 ገደማ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ በምድጃ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ይላም። ከሲሶው የሚበልጠው ካልሲየም ስለሆነ 3 ግራሙ ጉድለቱን ይሞላል። በማንኪያ ከመገመት በሚዛን መለካት ይሻላል። የአጥንት ዱቄት ፎስፈረስም ስለሚጨምር ስሌቱ ይለወጣል። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋልና አይሰጥ። ሲያነክስ የቆየ ውሻ እስኪታይ ድረስ አይዝለል፤ የእንስሳት ሐኪም ራጅ ያንሳው።

ቅርፊቱ ሁሉን አይሞላም። ዚንክ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲ እና ኢ ከዚህ ምግብ ይጎድላሉ፤ ለዘለቄታው በሐኪም የተሰላ የማዕድንና ቫይታሚን ቅልቅል ያስፈልጋል።

የፋብሪካ ምግብ ለሚበላ። ማሸጊያው ላይ «ለጎልማሳ ውሻ የተሟላ ምግብ» የሚል ካለ ካልሲየሙ ገብቶበታልና ቅርፊት አይጨመርበት። እንዲህ ያለው ውሻ ካነከሰ መጀመሪያ የሚታየው መገጣጠሚያው ነው። ግማሹ የፋብሪካ፣ ግማሹ የቤት ከሆነ ዱቄቱን በሥጋው ልክ ይቀንሱ፦ 200 ግራም ሥጋ፣ 1.5 ግራም ዱቄት። ሰገራው ነጭና ደረቅ ከሆነ በዝቷል።

ስብ። ጮማ ከበላ በኋላ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ጀርባውን አጉብጦ ሆዱን ሲነኩት ካመመው፣ ጣፊያው ሳይሆን ቆሽቱ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ከዚያ ወዲያ ስቡ የተገፈፈ ሥጋ ብቻ ይሰጠው።