ለሥራ ባልደረባ የሚላክ አጭር የሐዘን መልእክት ከልብ የመጣ እንዲሆን እንዴት ይታረማል?

ጎንደር ውስጥ ለቅሶ የሚደረሰው በአካል ነው። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ይደረድራል፣ ሰውም ሄዶ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። የጽሑፍ መልእክት የሚያስፈልገው ወዲያው መድረስ ሳይቻል ሲቀር ነው፤ ቀብሩ ገጠር ሲሆን፣ ወይም ሥራ ቦታውን የሚጠብቅ ሰው መቅረት ሲኖርበት። ስለዚህ መልእክቱ ለቅሶውን አይተካም፤ የሚያገለግለው እስክትደርሱ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። ይህን ከያዛችሁ አጭር መሆኑ አያሳስባችሁም።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። አልማዝ የምንላት መምህርት ጎንደር ከተማ ታስተምራለች እንበል። እናቷ በደባርቅ መንገድ ላይ ባለችው ዳባት ዐረፉ፤ እሷም ሌሊቱን ሄደች። አብራት የምታስተምር ጓደኛዋ ይህን ጻፈች፦

«ውድ አልማዝ፣ በወላጅ እናትሽ ድንገተኛ ሕልፈተ ሕይወት የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽኩ፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ እንዲያሳርፍ፣ ለአንቺና ለመላው ቤተሰብሽም መጽናናትን እንዲሰጥ እመኛለሁ። አይዞሽ፣ ጠንክሪ፣ ሁላችንም የምንሄድበት መንገድ ነው። የምትፈልጊው ነገር ካለ ደውይልኝ።»

ክፋት የለበትም። ግን ለማንም፣ ስለማንም ሊላክ ይችላል። እንዴት እንደሚታረም ደረጃ በደረጃ እንይ።

1. መርዶው መነገሩን አረጋግጡ

ከቃላቱ በፊት የሚመጣው ይህ ነው። መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው፤ የቅርብ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜ ገና ሳይነጋ፣ አጠገቧ የሚይዛት ሰው ባለበት ይነገራል። ቤተሰቡ «እናትሽ ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ» ብሎ ጠርቷት ከሆነ መኪና ውስጥ ሆና ስልኳን ስትከፍት የእናንተ «ነፍስ ይማር» ቀድሞ ሊደርሳት ይችላል። በመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሟችን ፎቶ መለጠፍም ያው ነው። ቀድሞ የሰማ አንድ የቅርብ ሰው ፈልጉና «አውቃለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ አትላኩ።

በዚያው ስልክ ሁለት ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ፦ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ፣ እና ሟች ታመው ቆይተው እንደሆነ። ሁለተኛው የሚያስፈልገው ስለ ሕመሙ ለመጻፍ አይደለም። ከላይ ያለው መልእክት «ድንገተኛ» ይላል፤ አልማዝ እናቷን ዓመት ሙሉ ስታስታምም ከርማ ከሆነ ይህ አንድ ቃል ምንም እንደማታውቁ ይነግራታል። የሞቱን ምክንያት መልእክቱ ውስጥ ጨርሶ ባትነኩት ይሻላል።

2. የመግለጫውን ቋንቋ አውጡ፣ ጸሎቱን አስቀሩ

ሰው «የተለመደ ነገር አትጻፍ» ሲባል መጀመሪያ የሚሰርዘው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለውን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ይህ ምርቃት ድንኳን ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ ሐዘንተኛዋም ትጠብቀዋለች፣ «አሜን» ትላለች። ቢቀር ይጎድላል። መልእክቱን የሚያቀዘቅዘው ሌላ ነው፦ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተቀዳው «የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽኩ»፣ «ሕልፈተ ሕይወት»፣ «መላው ቤተሰብሽ»። በየቀኑ አብራችሁ ሻይ የምትጠጡ ሰዎች በዚህ ቋንቋ አታወሩም።

መለያው ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላችሁ ስትናገሩት አስቡ። «በወላጅ እናትሽ ሕልፈተ ሕይወት» ብላችሁ በአፋችሁ ትናገራላችሁ? አትናገሩም። «የእማዬን ማረፍ ሰማሁ» ትላላችሁ። እንደዚያው ጻፉት። «የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን» የሚለውም «በጣም አዝኛለሁ» ይሁን፤ ከዚህ በላይ ማጠናከሪያ አያስፈልገውም።

ጸሎቱም አንድ አንድ ይበቃዋል። አንዱ ለሟች፣ አንዱ ለሐዘንተኛ፣ ከዚያ ይቁም። ሦስት አራት ምርቃት ሲደራረብ ዓይን ሁሉንም ዘሎ ያልፋል።

ጸሎቱ የእሷ እምነት ጸሎት መሆን አለበት። ባልደረባችሁ አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖር ሙስሊም ከሆነና አባቱ ከሞቱበት «ነፍስ ይማር» አይባልም። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላችሁ መጀመር፣ «አላህ ይዘንላቸው፣ ለአንተም ሰብሩን ይስጥህ» ማለት ይገባል። እዚያ ቀብሩ በቶሎ ስለሚፈጸም፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን ስለሚሆን፣ መልእክቱን ለማሳመር እስከ ነገ ማቆየት አይመችም። ክርስቲያን ሆናችሁ የአረብኛውን ቃል መጻፍ ከከበዳችሁ «አላህ ይዘንላቸው» ብቻውን ያምራል። ፕሮቴስታንት ባልደረባ ከሆነ ደግሞ የሟችን ነፍስ የሚመለከተውን ትታችሁ «ጌታ ያጽናናሽ» በሉ።

3. ለማጽናናት ብለን የምንወረውረውን ሰርዙ

«ጠንክሪ» ትእዛዝ ነው። የለቅሶው ቀን የማልቀሻ ቀን ሆኖ ሳለ ጠንክሪ የተባለች ሰው እንባዋን ከእናንተ መደበቅ ትጀምራለች። «ሁላችንም የምንሄድበት መንገድ ነው» እውነት ቢሆንም የእሷን እናት ከሁሉም ሞት ጋር ይደባልቃል። «ዕድሜ ጠግበው ነው» የሚለውን ልጅ ስለ እናቷ ብትለው ያምርባታል፤ ከውጭ ሰው ሲመጣ ግን ብዙም ማዘን አይገባሽም የማለት ያህል ነው። «እንኳን ከስቃያቸው ዐረፉ» የሚለውም እንዲሁ፤ እሷ ካለችው እናንተ «አዎ» ትላላችሁ እንጂ አትጀምሩትም።

ከሁሉ የሚጎዳው ሕፃን ለሞተባቸው የሚባለው «እግዚአብሔር ይተካልሽ» ነው። ተናጋሪው ምርቃት አድርጎ ይለዋል። እናቲቱ ግን ያለቀሰችው ለዚያ ልጅ ነው፣ ምትክ አልጠየቀችም። ገና በተወለደበት የሞተ ልጅ ሲሆን የምታነሱት ትዝታ ስለማይኖራችሁ ስሙ ወጥቶለት እንደሆነ በስሙ ጥሩት፣ «በጣም አዝኛለሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላችሁ አባቱንም ጨምሩና አቁሙ። እዚያ ላይ ሁለት መስመር ከአምስት መስመር ይሻላል።

4. አንድ እውነተኛ ነገር አስገቡ

መልእክቱ ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ጥያቄው «ስለ ሟች ምን ጥሩ ነገር ልበል?» አይሁን። እንዲያ ከጀመራችሁ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ» ትጽፋላችሁ፤ ይህ ደግሞ ከቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ የተወሰደ ይመስላል። ይልቅ «እኔ በዓይኔ ያየሁት ወይም በጆሮዬ የሰማሁት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የአልማዝ ጓደኛ እናትየውን በአካል አታውቃቸውም። ግን አብራ ውላለች። አልማዝ በየእረፍቱ በመምህራን ማረፊያው በረንዳ ላይ ቆማ ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምትለውም «እማዬ፣ እግርሽን ተሻለሽ?» ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ከዳባት የመጣ የገብስ ቆሎ በፌስታል ይዛ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አፍስሳው ሁሉም እየዘገነ በልቷል። ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይምጣ? ቆሎው ስለ እናትየው ነው፤ የስልኩ ጥያቄ ስለ ልጅቱ አሳቢነት ነው። ወላጅ የሞተበት ሰው ብዙ ጊዜ «ምነው ይህን ባደረግሁላት» በሚል ጸጸት ይያዛል። ስለዚህ ስትንከባከባት አይቻለሁ የሚል ምስክርነት የበለጠ ይደግፋታል። እኔ ብሆን እሱን አስቀድሜ ቆሎውን በአጭሩ አስከትላለሁ።

የምታውቁት ከሌለ አትፍጠሩ። «እናትሽ እንዴት ያሉ ሰው እንደነበሩ ሁሉም ይመሰክራል» የሚል ነገር ያላየ ሰው ጽሑፍ መሆኑ ያስታውቃል። «አላውቃቸውም ነበር፤ አንቺ ስታነሻቸው ግን እሰማ ነበር» ማለት ይበቃል። ከወላጇ ጋር ተጣልታ እንደኖረች የምታውቁ ከሆነም ትዝታና ውዳሴ ትታችሁ ስለ እሷ ብቻ ጻፉ።

5. «የምትፈልጊው ነገር ካለ»ን ባደረጋችሁት ነገር ተኩ

ድንኳን ውስጥ የተቀመጠች ሰው ደውላ ሥራ አታዝዝም። የሥራ ባልደረባ ዘመድና ጎረቤት የማይችሉት አንድ ነገር አለው፤ በሥራ ቦታው ያለውን ጣጣ ማቅለል ይችላል። ስለዚህ መልእክቱን ከመላክ በፊት ሄዳችሁ አንዱን ጨርሱ፤ ክፍለ ጊዜዋን ያዙላት፣ ፈቃዷን ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ «አድርጌዋለሁ» ብላችሁ ጻፉ። የማትችሉትን አትጻፉ። የለቅሶ መድረሻችሁን ቀንም ጨምሩበት፤ ቀኑ ካልተቆረጠ «እንመጣለን» በቂ ነው።

6. ጮክ ብላችሁ አንብቡና ላኩ

አክብሮቱን ተመልከቱ፦ አልማዝ እኩያ ስለሆነች «አንቺ»፣ እናቷ «እሳቸው»። ተቀባዩ አለቃችሁ ወይም በዕድሜ የሚበልጣችሁ ከሆነ «እርስዎ» ይሁንና «እግዚአብሔር ያጽናዎት» በሉ። የሚያለቅሱ ፊቶችንና የአበባ ምስሎችን አውጡ። መልስ የሚጠይቅ ጥያቄም አይኑር፤ «እንዴት ሆኑ? ምን አገኛቸው?» የሚለው ለዚያ ቀን አይሆንም።

የታረመው ይህ ነው፦

«አልማዝ፣ የእማዬን ማረፍ ዛሬ ጠዋት ሰማሁ። በጣም አዝኛለሁ። በየእረፍቱ ደውለሽ ‹እግርሽን ተሻለሽ?› ስትያቸው እሰማ ነበር፤ እንዴት እንደምትሳሽላቸው አይቻለሁ። የላኩልንን ቆሎም አልረሳውም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ። 7ኛ ‹ለ›ን እስክትመለሺ እኔ ይዤዋለሁ፣ ለርእሰ መምህሩም ነግሬያለሁ። ቅዳሜ ከመምህራኑ ጋር ዳባት እንመጣለን። መልስ ልጻፍ ብለሽ እንዳትጨነቂ።»

ከመጀመሪያው ብዙም አይረዝምም። ይህን መልእክት ለእሷ ብቻ ላኩት፣ ግሩፑ ላይ አይደለም። ግሩፑ ላይ አንድ ሰው በሁሉም ስም አጭር የሐዘን ቃል ቢያስቀምጥ በቂ ነው፤ ሠላሳ ሰው «ነፍስ ይማር»ን እየገለበጠ ሲለጥፍ የቀብር ሰዓቱን የሚናገረው መልእክት ከላይ ተቀብሮ ይቀራል።

የተገለበጠውን ቀድማችሁ ልካችሁ ከሆነ ሌላ አትላኩ። ቅዳሜ ስትደርሱ ስለ ስልኩና ስለ ቆሎው በቃል ንገሯት። ዳባት መሄድ ካልቻላችሁ ደግሞ አርባው ሲደርስ ሁለት መስመር ጻፉላት፤ ያኔ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ስልኩም መጮኹን አቁሟል።